«የሚጠቀሙት ሊኑክስ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ መምህሩ ግን የያዙት ስልክ ነበር

የጠዋት_ብርድ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ሥራዬ በኢንተርኔት ለሚመዘገቡ ሰልጣኞች በጽሑፍ ምላሽ መስጠት ነው። እነሱ ችግራቸውን ይጽፋሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከሚንጃርና ከቀወት ናቸው። በአካል አላያቸውም። ስክሪናቸውንም አላይም።

ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር ከመሐል ሜዳ «ፎቶዬ አልጫን አለኝ» ብለው ጻፉ። ከመልእክታቸው ጋር ሲስተሙ ይህን መስመር ይዞልኝ መጣ፦

```
Mozilla/5.0 (X11; Linux x86_64) AppleWebKit/537.36 (KHTML, like Gecko) Chrome/124.0.0.0 Safari/537.36
```

ሊኑክስ የሚለውን አየሁ። በቃ፣ ኮምፒውተር ነው አልኩ። ፎቶው 4 ሜጋባይት ገደማ ነበር። እኛ የምንቀበለው እስከ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «የሚጠቀሙት ሊኑክስ ነው። ተርሚናል ይክፈቱና ይህን ትእዛዝ ይጻፉ።»

```
convert photo.jpg -resize 800x photo2.jpg
```

መምህሩ ኮምፒውተር የላቸውም። ያላቸው አንድ የቴክኖ ስልክ ነው። ግን «ኧረ እኔ በስልክ ነኝ» ብለው አልመለሱልኝም። ባለሙያዋ ሊኑክስ ነው ካለች ነው ብለው አመኑኝ። ተርሚናል ምን እንደሆነ ሁለት ሰው ጠየቁ። አንዱ «የሚገዛ ፕሮግራም ነው» አላቸው። በመጨረሻ መኪና ተሳፍረው ደብረ ብርሃን መጡ። የትራንስፖርት ከፈሉ፣ ሁለት ቀን ከክፍል ቀሩ።

ስልካቸውን ሳየው ክሮም ላይ «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። የወንድማቸው ልጅ ነው ያደረገላቸው፣ ሠንጠረዡ ሙሉ ሆኖ እንዲታያቸው ብሎ። ምልክቱን አነሳሁት። ፎቶውን በቴሌግራም ለራሳቸው እንደ ፎቶ ላኩት፣ መልሰው አወረዱት። ቴሌግራም አሳንሶት ከ300 ኪሎባይት በታች ሆነ። ተጫነ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። መስመሩን አይቶ መገመት ሥራዬን ያፋጥንልኛል፣ ልተወው አልፈልግም። ግን ግምቴ ግምት መሆኑ እንዲታወቅ እንዴት ብዬ ልጻፍ?

---

ኔትወርክ_ልጅ

እህቴ፣ ችግሩ የድሮውን መስመር ማንበብሽ ነው። ዩዘር ኤጀንት የሚባለው ነገር ጊዜው አልፎበታል። አሁን ብራውዘሮች ክላየንት ሂንትስ የሚባል ሌላ መረጃ ይልካሉ። ዲቨሎፐሮቻችሁ ሰርቨሩ ከብራውዘሩ ጠይቆ ይህን እንዲመዘግብ እንዲያደርጉ ንገሪያቸው፦

```
Sec-CH-UA-Platform
Sec-CH-UA-Platform-Version
```

ከዚያ በኋላ መገመት የለም። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቁጥሩ 13 ወይም ከዚያ በላይ ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ያንሳል። እርግጠኛ ሆነሽ ትጽፊያለሽ።

---

አንኮበር_ላይ

ኔትወርክ_ልጅ፣ የዊንዶውሱ ነገር ልክ ነህ። በድሮው መስመር ዊንዶውስ 10ም 11ም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ ሁለቱም `Windows NT 10.0` ነው የሚሉት። እሱን የሚለየው አንተ የጠቀስከው ነው። «ከዚያ በኋላ መገመት የለም» ያልከው ላይ ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ ይህን መረጃ የሚልኩት ክሮምና የሱ ዘመዶች ናቸው። ፋየርፎክስና ሳፋሪ አይልኩትም። ሁለተኛው ደግሞ የእህታችንን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካ ነው። በአንድሮይድ ክሮም ላይ ዴስክቶፕ ሳይት ሲመረጥ፣ ብራውዘሩ አዲሱንም መረጃ አብሮ ይቀይረዋል። እዚያም ሊኑክስ ብሎ ነው የሚጽፈው። መምህሩ በአዲሱ መንገድ ቢታዩም ኖሮ ያው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበር የሚመስሉት።

የጠዋት_ብርድ፣ ይህ መስመር መታወቂያ አይደለም። ብራውዘሩ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። የሚናገረውም ድረ ገጾች በደንብ እንዲያስተናግዱት ብሎ ነው። አንቺ ያያያዝሽውን መስመር እንደገና እይው። ክሮም ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ሞዚላ ነኝ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሳፋሪ ነኝ ይላል። ድሮ ድረ ገጾች ጥሩውን ገጽ ለታወቁ ብራውዘሮች ብቻ ይሰጡ ስለነበር፣ አዲስ የሚመጣው ሁሉ የቀደመውን ስም እየጨመረ ሄደ። ዴስክቶፕ ሳይትም ሥራው ይኸው ነው። ስልኩ «ኮምፒውተር ነኝ» ብሎ እንዲናገር ባለቤቱ ያዘዘው ነው። ብራውዘሩ የታዘዘውን አደረገ።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ሊያጋጥምሽ ስለሚችል። አብዛኛው አይፓድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ ከአይፓድኦኤስ 13 ጀምሮ ማለት ነው፣ ሳፋሪው ማንም ሳይነካው ራሱን ማክ ብሎ ያስተዋውቃል። ክሮም ያለበት አንድሮይድ ስልክ ደግሞ አሁን እንዲህ ነው የሚጽፈው፦

```
Mozilla/5.0 (Linux; Android 10; K) AppleWebKit/537.36
```

ስልኩ አንድሮይድ 13ም ይሁን 14፣ መስመሩ 10 ይላል። የስልኩ ሞዴል በነበረበት ቦታ ኬ የምትል አንድ ፊደል ብቻ ትቀመጣለች። ሆን ተብሎ ነው የተደረገው፣ ሰውን በመስመሩ መከታተል እንዳይቻል። ስለዚህ «ስልክዎ አንድሮይድ 10 ነው፣ አርጅቷል፣ ይቀይሩት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ደህና ስልክ ያስጥላል።

---

መራቤቴ_7

ሰላም ወገኖች። ስለ ስልክ እያወራችሁ ስለሆነ ልጠይቅ። ስልኬ ዓለም ከተማ ገበያ ላይ ተሰርቆብኛል። በዚህ መስመር የያዘውን ሰው ማወቅ ይቻላል?

---

አንኮበር_ላይ

አይቻልም ወንድሜ። አሁን እንዳልኩት በመስመሩ ላይ የስልኩ ሞዴል እንኳ የለም። ሺህ ስልክ አንድ ዓይነት መስመር ሊልክ ይችላል። አንተን የሚጠቅምህ የስልኩ አይኤምኢአይ ቁጥር ነው። ስልኩ በእጅህ ቢሆን `*#06#` በመደወል ታየው ነበር። ካርቶኑን ካልጣልከው ግን እሱ ላይ ተጽፏል። ያንን ይዘህ ፖሊስ ጋ ሂድ።

---

ሸዋሮቢት_ካፌ

እኔ ኢንተርኔት ካፌ ነው ያለኝ፣ ስምንት ኮምፒውተር። የጠዋት_ብርድ፣ አንቺ የምታነቢው መስመር ልክ በሆነበት ቀንም ሊያሳስትሽ እንደሚችል ልንገርሽ።

እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ችግሩን ለመጻፍ ነው። ችግሩ ያለው ግን እቤት፣ ቢሮ ወይም የልጁ ስልክ ላይ ነው። ባለፈው አንዲት እናት መጡ። የልጃቸው ስልክ ላይ አንድ ምዝገባ እምቢ ብሏል። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩላቸው፣ በእኔ ዊንዶውስ። መልሱ ሲመጣ «የሚጠቀሙት ዊንዶውስ 10 ስለሆነ ኮንትሮልና ኤፍ አምስትን አብረው ይጫኑ» ይላል። አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ የትኛው ጋ ነው የምጫነው?» አሉኝ፣ ስልኩን ገልበጥ አድርገው እያዩ። የጻፈው ሰው አልዋሸም። የእኔ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነው። እሳቸው ያልጠየቁትን መሣሪያ ነው የመለሰላቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህን የሚጽፉልኝ ችግሩ ባለበት መሣሪያ ላይ ሆነው ነው?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

---

የጠዋት_ብርድ

ሸዋሮቢት_ካፌ፣ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። የእኛ መዝገብ ውስጥም ከካፌ የሚጻፍ ብዙ ነው፣ ማታ ማታ በተለይ።

---

ሚንጃር_ጤፍ

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የገበሬ ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው፣ አረርቲ። ለአባላት በስልክና በጽሑፍ እንረዳለን። ሰው ባለሙያ ሲጠይቅ ቁርጥ ያለ ነገር ይፈልጋል። «ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት፣ ይመስለኛል» ስትሉት «ይሄ ልጅ አያውቅም» ብሎ ሌላ ጋ ይሄዳል። ሌላው ጋ ደግሞ በድፍረት የሚያሳስተው ያገኛል። አንዴ ስህተት ተፈጥሯል ተብሎ ሁሉን ነገር መጠራጠር ሰውን አይረዳም።

---

ጡረተኛ_መምህር (ሰላድንጋይ)

ልጆቼ፣ ኮምፒውተሩን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ 31 ዓመት ያስተማርኩት አማርኛ ነው። በቋንቋው በኩል የምለው አለኝ።

ሚንጃር_ጤፍ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ነገር ግን አማርኛ ከ«ነው» በታች ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ አይጨፈልቃቸውም። «ስልክ ነው» ካልክ አይተኸዋል ማለት ነው። «ስልክ ሳይሆን አይቀርም» ካልክ ጠንካራ ምልክት ይዘሃል ግን አላየኸውም። «ስልክ ይመስለኛል» ካልክ ግምቱን በራስህ ላይ አደረግከው፣ ብትሳሳት የተሳሳትከው አንተ ነህ። «ስልክ ሊሆን ይችላል» ካልክ ሌላውም እኩል በር ተከፍቶለታል። «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ሰው አያውቅም አይባልም። ያየውን ያህል የሚናገር ሰው ነው የሚባለው።

አንድ ግን በጣም የምፈራው አለ። «መሆን አለበት» የሚለው። ወጣቶች ዛሬ ለግምት ይጠቀሙበታል። «ዊንዶውስ 10 መሆን አለበት» ብለህ ስትጽፍ አንተ መገመትህ ነው። አንባቢው ግን ግዴታ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። «ዊንዶውስ 10 ከሌለኝ አይሠራም ማለት ነው» ብሎ ሊገዛ ይነሣል። ቃል በቃል እንዲያ ነውና የሚነበበው፣ አትፍረዱበት።

«አይደል?» የምትለዋም አትመቸኝም። «በስልክ ነው አይደል የሚጠቀሙት?» ብለህ የተከበረ ሰው ከጠየቅህ፣ ወይም አንተን የሚያከብር ሰው ከጠየቅህ፣ «አዎ» ይልሃል። አላውቅም ማለት ያሳፍረዋል፣ አንተንም ማሳፈር አይፈልግም። እኒያ የመሐል ሜዳው መምህር ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር።

---

ኔትወርክ_ልጅ

ጋሼ፣ «መሆን አለበት»ን እኔ በየቀኑ ነው የምጽፈው። ሁለተኛ አልጽፋትም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚጠየቀው? «የሚጠቀሙት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው?» ቢባል ብዙ ሰው አያውቀውም። ጠይቄ አይቻለሁ። «ሳምሰንግ» ይሉኛል፣ ወይም «ጉግል»። አንዱ «ኢትዮ ቴሌኮም» ብሎኛል።

---

አንኮበር_ላይ

ስሙን አትጠይቅ፣ የሚታየውን ጠይቅ። «ይህን ሲያነቡ መሣሪያውን በእጅዎ ይዘውታል ወይስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል?» ይህን ማንም ይመልሳል። ላፕቶፕ ወይም ኮምፒውተር መሆኑ ከታወቀ በኋላ «ከታች ባለው መስመር ላይ የመስኮት ምልክቷ በግራ ጥግ ናት ወይስ መሃል አካባቢ?» ትላለህ። መሃል ከሆነች ዊንዶውስ 11 ሳይሆን አይቀርም። ግራ ከሆነች ግን ምንም አይባልም፣ ምክንያቱም 11 ላይም ባለቤቱ ወደ ግራ ሊያዞራት ይችላል። እርግጡን የምታውቀው የመስኮት ቁልፍና አር ተጭነው `winver` ብለው ሲጽፉ ነው። የሚወጣው ሳጥን ስሙንና ቁጥሩን ይናገራል። እሱን ፎቶ አንስተው ይላኩልህ።

ሚንጃር_ጤፍ፣ አንተ ያልከውም እውነት አለበት። ሁሉን መጠራጠር ልክ አይደለም። የጠዋት_ብርድ ፎቶው 1 ሜጋባይት ማለፉን ታውቃለች። ያንን በ«ነው» ትጻፍ። በእጇ ያለ ቁጥር ነው። የማታውቀው መሣሪያው ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ግምቱ እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀመጥ። ወደ ሌላው መልስ አይፍሰስ።

---

የአጣዬዋ

ይቅርታ አርፍጄ ነው ያየሁት። ጥንቃቄው ትርፍ ነገር ለሚመስላቸው የራሴን ልንገራችሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ፎቶዎቿ ያሉት እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። ስልኩ ከኋላው ፖም አለበት። ሲከፈትም አይፎን ይመስላል። ዘገምተኛ ሆኖ አላሠራ ሲለኝ ለአንድ ጠጋኝ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «አይፎን ነው፣ ፎቶሽ አይክላውድ ላይ አለ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፊውና እንደገና ግቢ፣ ይመለሳል» አለኝ። ነው አለኝ። ይመስለኛል አላለም።

አጠፋሁት። ስልኩ አይፎን አልነበረም። አንድሮይድ ላይ የአይፎን መልክ የተሳለበት ነው። አይክላውድ የሚባል ነገር ውስጡ አልነበረም። ፎቶዎቹ አልተመለሱም።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። በደንብ ነው ያናገረኝ። ከፎቶው ላይ ያየውን አመነ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ አፕ ስቶር የሚለውን ምልክት ንኩት እላለሁ። ብዙዎቹ ቅጂ ስልኮች ሲነኩት የሚከፍቱት ፕሌይ ስቶርን ነው።

---

አንኮበር_ላይ

እህቴ፣ አዝናለሁ። ነፍስ ይማር።

የፕሌይ ስቶሩ ነገር ጥሩ ምልክት ነው። የሴሪያል ቁጥሩን አፕል ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ትክክለኛ ነው የሚል መልስ ያገኙ ሰዎች ደግሞ አሉ። ቅጂ የሚሠሩት ሰዎች የእውነተኛ ስልክ ቁጥር ሊገለብጡ ስለሚችሉ ያ ብቻውን አያረጋግጥም።

ከእርስዎ ታሪክ የምወስደው፣ የግምቱ መጠን ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር መታየት እንዳለበት ነው። «ይመስለኛል» ብዬ «ገጹን እንደገና ይክፈቱት» ብል፣ ብሳሳት ማንም አይጎዳም። ማጥፋት፣ ፎርማት ማድረግ፣ ፋክተሪ ሪሴት ሲሆን ግን «ሳይሆን አይቀርም»ም አይበቃም። እዚያ ጋ ባለቤቱ ራሱ አይቶ የነገረኝን ካልያዝኩ ቀጣዩን እርምጃ አልጽፍም።

---

ሚንጃር_ጤፍ

የአጣዬዋ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። ለማጥፋት ጉዳይ ተቀብያለሁ።

ለቀላሉ ነገር ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። እኛ ጋ አንድ ጥያቄ ጠይቀህ መልስ እስኪመጣ አንድ ቀን ይፈጃል። ሰውየው ካርድ የለውም፣ ወይም ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ መውጣት አለበት። መጠየቁ ራሱ ወጪ ነው። ደግሞ በኤስኤምኤስ ስንጽፍ በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ በእንግሊዝኛ 160 በሚይዝበት። በ70 ፊደል ውስጥ ግምትም፣ ምክንያትም፣ ጥያቄም እንዴት ይገባል?

---

ጡረተኛ_መምህር

ይገባል። ሞክሬዋለሁ። ይኸውልህ፦

«ስልክ ላይ ያሉ ይመስለኛል። ከሆነ 1፣ ኮምፒውተር ከሆነ 2 ብለው ይመልሱልኝ።»

ክፍት ቦታውን ጨምሮ 49 ነው። ቆጥረው።

---

ሚንጃር_ጤፍ

ቆጠርኩት መምህር፣ 49 ነው። ነገ እሞክረዋለሁ። የአንድ ቀኑ ነገር ግን አልተፈታም።

---

አንኮበር_ላይ

የአንድ ቀኑን ለማትረፍ አንዳንዴ ሳልጠይቅ ሁለቱንም መንገድ አብሬ እልካለሁ። «ስልክ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ፣ ኮምፒውተር ከሆነ እንዲህ» ብዬ። ሁለት መንገድ ሲሆን ያስኬዳል። ሦስትና አራት ከሆነ ሰው ይጠፋበታል፣ ያኔ መጠየቅ ይሻላል።

ስትልክ ግን «ከሆነ»ን አስቀድማት። «ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ፣ አንድሮይድ ከሆነ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ሰው በትንሽ ስክሪን መጀመሪያ ያነበበውን መጀመሪያ ይሠራል። «ከሆነ»ዋ ጋ ሳይደርስ ተጭኗል።

---

ኔትወርክ_ልጅ

እኔ ሁለቱን መላክ አልወደውም። እናቴ ሁለቱም ለእሷ የተጻፉ ይመስላትና በተራ ትሞክራቸዋለች። አንድ ጠይቆ አንድ መመለስ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቀን ቢፈጅም።

---

ሸዋሮቢት_ካፌ

እንደ ሰዉ ነው። ለወጣት ሁለቱን ላክ፣ ለእናቶች አንዱን።

---

ኔትወርክ_ልጅ

ወጣት መሆኑን በምን ታውቃለህ? እሱም እኮ ግምት ነው።

---

የጠዋት_ብርድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመምህሩ መጻፍ የነበረብኝን አሁን ጻፍኩት። እዩልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ፎቶው ያልተጫነው ከ1 ሜጋባይት ስለሚበልጥ ነው። መልእክትዎ ከኮምፒውተር የመጣ ይመስላል፣ ግን ስልክም እንዲህ ሆኖ ሊታየኝ ይችላል። ችግሩ የገጠመዎት በእጅ በሚያዝ ስልክ ላይ ከሆነ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩና መልሰው አውርደው እሱን ይጫኑ። ስልክ ካልሆነ ምን ላይ እንደሆኑ ይጻፉልኝ፣ የሚሆነውን እልካለሁ።»

---

ጡረተኛ_መምህር

ጥሩ ነው። ፎቶው ለምን እንዳልተጫነ በ«ነው» ተናገርሽ፣ መሣሪያውን በ«ይመስላል»። አንድ ነገር ብቻ። «ይመስላል» ብለሽ ከምን ተነሥተሽ እንደመሰለሽ አልነገርሻቸውም። «ብራውዘርዎ ከላከው መስመር እንደማየው» ብትይ ከየት እንዳመጣሽው ያውቃሉ። ስህተት ከሆነም የተሳሳተው መስመሩ ነው ብለው በነጻነት ያርሙሻል። አንቺን ማረም ይከብዳቸዋል፣ መስመሩን ማረም አይከብዳቸውም።

---

የአጣዬዋ

እኔ ደግሞ «ከላከው መስመር» የሚለው ያስፈራኛል። አንዴ «ከቴክኖ ስልክ እንደጻፉልን እናያለን» የሚል መልስ ደርሶኝ ስልኬን የሚያይ ሰው ያለ መስሎኝ ሁለት ቀን ዘግቼዋለሁ።

---

አንኮበር_ላይ

እውነት ነው፣ ያስፈራል። «እናያለን» የሚለው ቃል ይመስለኛል ያስፈራዎት። «መልእክቱ ሲደርሰን ከብራውዘሩ ስም ጋር ነው የሚደርሰን፣ ሌላ ነገር አይታየንም» ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል። ግን መልእክቱን ያረዝመዋል። ለሁሉም ሰው ይጻፍ ወይስ ለጠየቀ ብቻ፣ እኔም አልቆረጥኩም።

---

የጠዋት_ብርድ (ከአራት ቀን በኋላ)

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ትናንት ከደነባ አንድ ጥያቄ መጣ፦

```
Mozilla/5.0 (Macintosh; Intel Mac OS X 10_15_7) AppleWebKit/605.1.15 (KHTML, like Gecko) Version/17.4 Safari/605.1.15
```

ድሮ ቢሆን «ማክ ነው የሚጠቀሙት» ብዬ እጀምር ነበር። ዲቨሎፐራችን ከዚህ ክር በኋላ አንድ ነገር ጨምሮልኛል፣ ስክሪኑ ስንት ጣት በአንዴ እንደሚቀበል ብራውዘሩን ጠይቆ የሚመዘግብ፦

```
navigator.maxTouchPoints
```

ቁጥሩ 5 ይላል። ማክ ቢሆን 0 ነበር የሚለው። ስለዚህ «ብራውዘርዎ ማክ ነው ብሎ ጽፎልኛል፣ ግን በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው ይመስላል፣ አይፓድ ሳይሆን አይቀርም። በእጅዎ የያዙት ታብሌት ነው ወይስ ሌላ?» ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሱ። «ታብሌት ነው ልጄ፣ ከአሜሪካ እህቴ ነች የላከችልኝ።»

---

አንኮበር_ላይ

ጎበዝ። ያቺን ቁጥር ግን ለብቻዋ አትመኛት። በጣት የሚነካ ስክሪን ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም አሉ፣ ብዙዎቹ 10 ይላሉ። ሊኑክስ የሚል መስመርና 5 አብረው ከመጡ ዴስክቶፕ ሳይት የተመረጠበት ስልክ ሳይሆን አይቀርም። አሁንም «ሳይሆን አይቀርም» ነው።

---

የጠዋት_ብርድ

እሺ። አንድ የቀረኝ አለ። መዝገባችን ላይ «መሣሪያ» የሚል ሳጥን አለ። እኔ «ሊኑክስ» ብዬ የሞላሁትን በማግስቱ ተረኛዋ አይታ፣ ለመምህሩ ሁለተኛ የሊኑክስ መመሪያ ልካላቸው እንደነበር ትናንት ነው ያወቅሁት። የእኔ ግምት እሷ ጋ ሲደርስ እውነት ሆኖ ነበር። አሁን ከፊቱ «ከመስመሩ የተገመተ» ወይም «ባለቤቱ የነገረን» ብለን መጻፍ ጀምረናል። ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ «ግ» እና «ባ» እያልን አሳጥረነዋል። ከመሐል ሜዳው መምህር ስም ፊት «ባ፣ ስልክ» ብዬ ጽፌያለሁ።